የማኅተሙ ታችኛው ግማሽ

ፎቶ አንሺ ሁሉ ጠላቴ ነው። ስቱዲዮ ከፍቶ የሰው ፊት ስለሚያነሳው አይደለም የምናገረው፤ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ወረቀት ስለሚያነሳው ነው። የልደት ምስክር ወረቀቱን አልጋ ላይ ይዘረጋዋል፣ ከላዩ ይቆማል፣ ጥላውን ያለብሰዋል፣ ጠቅ አድርጎ ይልካል። ከዚያ እኔ ዘንድ መጥቶ «እንዴት አይነበብም? እኔ ስልክ ላይ ይነበባል እኮ!» ብሎ ይቆጣኛል። ተበዳዩም ተወቃሹም እኔ።

ሥራዬ ወረቀት መተርጎም ነው፤ ከአማርኛ ወደ ዐረብኛ። ቋንቋውን የተማርኩት ዐሥራ አንድ ዓመት ዐረብ አገር የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ሆኜ ነው። ስመለስ የታመመ ጉልበትና ይህን ቋንቋ ይዤ መጣሁ፤ ተፈትኜ ፈቃድ አወጣሁበት። ቢሮዬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። መስኮቷ የጎረቤቱን ሕንፃ ግድግዳ ስለሚያይ ቀን ከሌት መብራት እናበራለን። እናበራለን የምለው ክፍሏን ከአንዲት የቪዛ ፋይል አዘጋጅ ጋር ስለምጋራ ነው። ፎርም ትሞላለች፣ ፎቶ ታስተካክላለች፣ የግብዣ ደብዳቤ ከየት ወዴት እንደሚገባ ታውቃለች። የወረቀት መያዣ ክሊፕ እንዳይጠፋባት ጠጉሯ ላይ ስለምትሰካው ስሟ ክሊፕ ሆኖ ቀረ። እሷም በፈንታዋ ለእኔ ስም አውጥታልኛለች፤ «ቅንፍ» ትለኛለች።

ስሙ ከሥራው ነው የመጣው። ማኅተም አይተረጎምም፤ ይገለጻል። ማኅተም ባለበት ቦታ ቅንፍ እከፍትና «ክብ ማኅተም፣ ሰማያዊ ቀለም፣ ዙሪያውን እንዲህ የሚል ጽሑፍ ያለበት» ብዬ እዘጋለሁ። ፊርማ ሲሆን «ፊርማ»፣ ያልተሞላ ቦታ ሲሆን «ባዶ»። የመጠይቆቹ ስም አንድ በአንድ፣ በዋናው ላይ በተቀመጡበት ተራ ይሄዳል፤ ሙሉ ስም፣ ፆታ፣ የትውልድ ቀን፣ የትውልድ ቦታ፣ የአባት ሙሉ ስም፣ የእናት ሙሉ ስም፣ የመዝገብ ቁጥር። መዝለል የለም፣ መጨመር የለም፣ ማረም የለም። ቀኑ እንደተጻፈ ይቀመጣል፤ የዐረቦቹ አቆጣጠር በቅንፍ ይከተለዋል። የዐረብኛ ጽሕፈት ከቀኝ ስለሚነሳ ሠንጠረዡ ይገለበጣል፤ ስለዚህ ማኅተሙ በዋናው ላይ ከታች በግራ ያረፈ እንደሆነ ይህንኑ እጽፋለሁ። ሲያልቅ ፎቶው ይታተምና ከትርጉሙ ጋር ይሰፋል፣ ማኅተሜ ሁለቱ ወረቀቶች የሚገናኙበት ላይ ያርፋል፣ ከግርጌው «ከፎቶ ግራፍ የተተረጎመ፤ ዋናውን አላየሁም» ብዬ እፈርማለሁ።

አንዲት ቅንፍ ግን አለች፣ የማልወዳት። «አይነበብም» የምትለዋ። ደንቡ ይፈቅዳታል። ያልታየህን አልታየኝም በል፣ አትገምት ነው ደንቡ፤ ከዚህ የበለጠ ቀና ነገር የለም። ነገር ግን ካቻምና ሦስት ቦታ «አይነበብም» ብዬ የሰጠሁት አንድ ፋይል በቀይ ተሰርዞ ተመለሰ። ባለቤቱ ድምፁ የጎላ ነጋዴ ነበር፤ ደረጃው ላይ አላፊ አግዳሚው እየሰማ «ማንበብ የማትችል አስተርጓሚ!» ብሎ አዋረደኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያችን ቅንፍ ላልጽፋት ለራሴ ማልኩ። የማይነበብ ነገር ከመጣ፣ ባለቤቱ የሚነበብ እስኪያመጣ አልነካውም። «ኩራት ነው ይሄ» ትለኛለች ክሊፕ። እኔ ጥንቃቄ ነው እላታለሁ።

ልጅቷ የመጣችው ሰኞ ጠዋት ነው፣ ዝናብ እየጣለ። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ልብስ አጥቦ በሚተኩስ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ የሥራ ሽርጧን ሳታወልቅ፣ የሳሙና ሽታዋን ይዛ ነው የገባችው። ፋይሏ ክሊፕ ጠረጴዛ ላይ ተሟልቶ ሊያልቅ አንድ ነገር ቀርቶታል። እናቷ ዐረብ አገር ቤት ሠራተኛ ናት፤ ጉበቷን ታማ ሆስፒታል ገብታለች። አሠሪዋ ደግ ሆና የጥሪ ደብዳቤ ልካለች። የሆስፒታሉም ማስረጃ መጥቷል። የቀረው፣ ይህች ልጅ የዚያች ሴት ልጅ መሆኗን የሚያሳይ ወረቀት ከነዐረብኛ ትርጉሙ ነው።

«ዋናው የት አለ?» አልኳት።

«እናቴ ጋ ነው ጋሼ። ስትሄድ ይዛው ሄደች።»

«ያንቺን የልደት ወረቀት?»

«ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። "በዚህ ነው የማስመጣሽ" ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እስካሁን አልተሳካላትም።»

ምትክ ለማውጣት ሞክራለች። የዚያ ዓመት መዝገብ ጣሪያ አፍስሶበት ተበላሽቷል፤ በምስክር አጣርተን እንሰጥሻለን፣ ሁለት ወር ጠብቂ አሏት። በፖስታ ይላክ ቢባል፣ እዚያ ተሯሩጦ የሚልክ ሰው የለም። ስለዚህ ያለው ፎቶ ብቻ ነው። ለታማሚ ጥየቃ በሚገባ ፋይል ደግሞ ፎቶ ይቀበላሉ፤ ክሊፕ ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች።

የሆስፒታሉ ደብዳቤ በዐረብኛ ስለነበር «ምን እንደሚል ይንገሩኝ» አለችኝ። አነበብኩት። «የታማሚዋ ሁኔታ አስጊ ስለሆነ ቤተሰብ በአስቸኳይ እንዲገኝ እንመክራለን» ይላል። እኔ ግን «ቤተሰብ ቢመጣ ጥሩ ነው ይላል» አልኳት። መዝለል የለም፣ መጨመር የለም የምለው ሰውዬ፣ በአፌ ሲሆን ዘለልኩ። አሳዘነችኝ፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ነገሩ እንደሚያጣድፍ ግን ከእሷ ይልቅ እኔ አውቄ ነበር። ይህ ይጻፍልኝ።

ከዚያ ፎቶውን ከፈትኩት።

ወረቀቱ ብርድ ልብስ ላይ ተቀምጧል። አራት ቦታ ታጥፎ የኖረ ስለሆነ መሐሉ ላይ መስቀል የሚመስል ጭረት አለው። ስሟ ይነበባል፤ ቀኑ፣ የትውልድ ቦታው፣ የአባት ስም፣ የእናት ስም፣ ሁሉም ይነበባል። የመዝገብ ቁጥሩም ቁልጭ ብሏል። ከታች በግራ ግን ወረቀቱን የያዘው አውራ ጣት ማኅተሙ ላይ ወጥቶበታል። የክቡ ማኅተም ላይኛው ግማሽ የመሥሪያ ቤቱን ስም ያሳያል፤ ታችኛው ግማሽ ጣቱ ሥር ነው።

«ይሄ አይሆንም» አልኩ።

«ምኑ ጋሼ?»

«ማኅተሙ ግማሽ ነው። ደግማ ታንሳው።»

ክሊፕ ከጠረጴዛዋ ቀና አለች። «ግማሹን አይነበብም ብለህ ጻፈዋ፣ ቅንፍ።»

«ከዚያ ሲመለስ አንቺ ትመልሺላታለሽ?»

ክሊፕ ወደ ፎርሟ ተመለሰች። ልጅቷ እዚያው ቆማ ደወለች፤ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። እናትየዋ አነሳች። ከበስተጀርባዋ የሚጮህ ማሽን አለ፤ ድምፅዋ ቀጠን ያለ ነው፤ ሳቅ ሳቅ ይላል።

«አስተርጓሚው አጠገብሽ ነው? አገናኚኝ እስቲ። ወንድሜ፣ ደህና አደሩ? አንዱ እጄ ላይ መርፌ ተሰክቷል፤ በአንዱ ነው ይዤ የማነሳው። ጣቴ ገባ አይደል? ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ችግር የለውም እመቤቴ፣ ቀስ ብለው ያንሱት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል።»

«እውነትዎን ነው» አለች። ተረቱ አሳቃት፤ ሲያስቃት ደግሞ አሳላት፤ ማሳሉ ሳያቆም ስልኩ ተዘጋ።

ሁለተኛው ፎቶ ማክሰኞ ከሰዓት መጣ። ልጅቷ ከሥራ አስፈቅዳ እየሮጠች ደረጃውን ወጣች። ማኅተሙ ሙሉ ነው! ታችኛው ግማሽ የቀበሌውን ስም ይዟል፤ አንድ ፊደል አልጎደለም። እንዲያውም አጠገቡ ያለው የመዝጋቢው ፊርማና ባለ አራት ማዕዘን የስም ማኅተሙም ጥርት ብለው ወጥተዋል። ነገር ግን እናትየዋ ጣቷን ለማራቅ ስልኩን ወደ ታች አድርጋዋለችና የወረቀቱ ራስ ተቆርጧል። የመዝገብ ቁጥሩ የለም።

«ቁጥሩ ትናንትናው ላይ አለ እኮ» አለች ልጅቷ።

«አለ። ግን አንድ ወረቀት፣ አንድ ፎቶ ነው። ከትርጉሙ ጋር የምሰፋው አንድ ፎቶ ነው፤ እዚያ ላይ የሌለውን ቁጥር ከየት አመጣኸው ይሉኛል።»

ክሊፕ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። «ሁለቱን በኮምፒውተር ልገጣጥማቸው?»

«እሱማ ፎርጅድ ነው!» ብዬ ጮህኩባት። በዚህ ላይ ልክ ነበርኩ፤ ዛሬም ልክ ነኝ እላለሁ። ምስል አይነካም። ነገር ግን ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ሰፍቶ «ቁጥሩ ከፎቶ አንድ፣ ማኅተሙ ከፎቶ ሁለት» ብሎ መጻፍ ማንም አልከለከለኝም። አሁን ሳስበው ይህ ሕፃን ልጅም የሚያስበው ነገር ነው። ያን ጊዜ ግን ደንቤ ደንብ ነበር፣ ያውም እኔው ያወጣሁት ደንብ።

ልጅቷ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ደወለች። በሩ ስላልተዘጋ ይሰማኛል። «እማ፣ ከላይ ተቆርጧል። አይ፣ ከላይ። ቀጥ አድርገሽ ያዢው። ሰውዬው አልተቀበለም።» አዳመጠች። «ነገ አይደለም፣ አሁን ብታነሺው? በቃ እሺ። ነገ ጠዋት ይሁን፤ በኋላ ግን እንዳትረሺ።» ስትመለስ ዐይኖቿ ቀልተው ነበር። የተናደደች መሰለኝ፤ በእኔ መሆን አለበት ብዬ እንዳላየ አለፍኩ።

ሦስተኛው ፎቶ ረቡዕ ማለዳ ገባ። አራቱም ማዕዘን አለ፤ ቁጥሩም ማኅተሙም አለ። የጣሪያው መብራት ግን ወረቀቱ መካከል ላይ አርፎ የአባትየውን ስም ነጭ አድርጎታል። ስቄ አላውቅም እንደዚያ ዓይነት ሳቅ። ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ ሆነብን። ሦስቱን ብደምራቸው ወረቀቱ ላይ ካለው ነገር አንዲት ነጥብ አትጎድልም፤ ይህን አውቄዋለሁ፤ ረቡዕ ዕለት ሙሉውን ወረቀት በቃሌ አውቀው ነበር። ዐረብኛውም በኮምፒውተሬ ላይ ተጽፎ አልቋል፣ ከነቅንፉ። የቀረው አንድ ንጹሕ ፎቶ ሰፍቶ ማኅተም መምታት ብቻ ነው።

«ዛሬስ?» አለችኝ ልጅቷ። ሽርጧ እርጥብ ነው፤ ከሥራ ለሦስት ቀን እየወጣች ስለምትመለስ አለቃዋ ማጉረምረም ጀምሯል።

«የአባት ስም አይታይም።»

«ፓስፖርቴ ላይ አለ! ፓስፖርቴ ላይ የአባቴ ስም አለ!»

«እኔ የምተረጉመው ፓስፖርትሽን አይደለም፣ ልጄ።»

እንዲህ ነው ያልኳት። ድምፄን ሳልጨምር፣ ትሑት ሆኜ፣ እንደ አባት። ሲቆጡ ቢሳሳቱ ይሻላል፤ ሰው ይከራከርሃል። እኔ ግን በእርጋታ ስለተናገርኩ አመነችኝ። «እሺ ጋሼ» ብላ ወጣች።

ክሊፕ በሩን አይታ ወደ እኔ ዞረች። «የቪዛው መስኮት ነገ እስከ እኩለ ቀን ነው። ዓርብና ቅዳሜ ዝግ ነው። ታውቃለህ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅክ እንግዲህ አፌን ይዣለሁ።»

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ልጅቷ ስልኳን ከፍ አድርጋ እየገባች «መጣ! መጣ ጋሼ!» አለች። ሥራዋን ትታ ነው የመጣችው። ስልኩን ተቀብዬ መብራቱ ሥር ያዝኩት። እንዲያ ያለ ፎቶ በሥራ ዘመኔ ብዙ አላየሁም። ወረቀቱ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ከላይ ቀጥ ተብሎ የተነሳ፤ ጥላ የለ፣ ነጸብራቅ የለ፣ አራቱ ጠርዝ እኩል። የማኅተሙን የጠርዝ ነጥቦች መቁጠር ይቻላል።

«ይኸው! ሲሆን ይሆናል እኮ!» አልኩ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። «እናትሽን እጅዎ ይባረክ በይልኝ።»

ማተሚያው እየጮኸ ፎቶውን ሲያወጣ ልጅቷ ደወለች። ከሰኞ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። ድምፁን እንደ ልማዷ ከፍ አድርጋው ነበርና የተመለሰላትን ሁላችንም ሰማን። የእናትየዋ ድምፅ አይደለም። ሌላ ሴት ናት፤ አማርኛ ትናገራለች።

«ልጇ ነሽ?»

«አዎ። እማ የለችም እንዴ?»

«እኔ እዚህ ሆስፒታል ጽዳት ነው የምሠራው፣ እህቴ። ትናንት ማታ "ነገ ስትገቢ ይቺን ወረቀት በደንብ አንሽልኝና ለልጄ ላኪልኝ፤ እኔ አልቻልኩበትም" ብላኝ ነበር። ጠዋት ስገባ አልጋው ላይ አልነበረችም። ሌሊት ነው ያረፈችው። አደራ ስለሆነብኝ አንስቼ ላኩት።» ሴትየዋ ማልቀስ ጀመረች። «የነገሩሽ መስሎኝ ነው እኮ። አልነገሩሽም እንዴ?»

ማተሚያው ሥራውን ጨርሶ ዝም አለ። ክሊፕ ከወንበሯ ተነስታ ልጅቷን ከመውደቋ በፊት ያዘቻት። እኔ ያንን ጥርት ያለ ፎቶ በእጄ ይዤ ቆሜ ነበር፤ ምን እንደማደርገው ጠፋኝ።

ክሊፕ ልጅቷን ደግፋ ወደ ቤቷ ይዛት ሄደች። እኔ ፋይሉን ብብቴ ሥር አድርጌ ወደ ቪዛ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። የጥየቃው ጉዳይ ለቀብርና ለንብረት ርክክብ ይዛወር እንደሆነ ልጠይቅ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ፋይል ተቀባይ ዓመታት የማውቀው ሰው ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ፈገግ ቢል ነው። ወረቀቶቹን አገላብጦ አየ።

«ዝምድናው ተረጋግጧል። ልጅቷ እዚያ ሄዳ ትቅበራት ወይም እዚያው ይቅበሩልኝ ብላ ትፈርም፣ ሁለቱም ይቻላል። ይኸው ትርጉም ይበቃል፤ ጉዳዩ የሚለውን መስመር ብቻ ለውጥ።» ከዚያ የሆስፒታሉን ደብዳቤ ቀን አየ። «ይሄ ሰኞ እጃችሁ ላይ ነበር። ለምን ሰኞ አላመጣችሁትም?»

«ፎቶው ላይ የማኅተሙ ታችኛው ግማሽ አልወጣም ነበር።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ... ግማሽ ነው።»

ሰውዬው መነጽሩን አውልቆ ተመለከተኝ። «አይነበብም ብለህ አትጽፍም? ፎቶውን እኛም እናየዋለን እኮ። አስጊ ለሚባል ታማሚ ለማኅተም ጠርዝ ፋይል አንመልስም። በዚህ ሳምንት ብቻ እንዲህ ዓይነት ሁለት አሳልፌያለሁ።» መነጽሩን መልሶ አደረገ። «ሰኞ ቢገባ ረቡዕ ጠዋት ቪዛው እጇ ላይ ነበር። በማታው አውሮፕላን ትሄድ ነበር።»

«ካቻምና የመለሳችሁብኝስ?»

«የቱን? የነጋዴውን? እሱን የመለስነው ፓስፖርቱ ጊዜው ስላለፈ ነው። አልነገረህም?»

አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም። ደረጃው ላይ ሰድቦኝ ሄደ፤ እኔም ስድቡን ዋጥ አድርጌ፣ በእሱ ቂም ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ላይ ደንብ ሳወጣ ኖርኩ። ከመስኮቱ ዞር ብዬ ለባለጉዳይ የተደረደረው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከጎኔ የነበረችው ሴት «ተራዎ ደረሰ?» ብላ ጠየቀችኝ። አልፏል አልኳት።

ልጅቷ ዓርብ ጠዋት ተመልሳ መጣች። አትመጣም ብዬ ነበር። ጥቁር ለብሳለች፤ ሻርፑ የሌላ ሰው ነው መሰለኝ ሰፍቷታል። የእናቷ አሠሪ ደውላ፣ አስከሬኑን ለማስቀበርና የእናቷን ቦርሳ ለማስረከብ የልጅ ፊርማና ይኸው ትርጉም እንደሚያስፈልግ ነግራታለች። እዚያው ይቅበሯት ብላ ለመፈረም ወስናለች፤ ሄጄ የማታናግረኝን እናቴን ለማየት ጉልበት የለኝም አለች። ክሊፕ ወንበር አቀረበችላት። እኔ ጉዳዩ የሚለውን የመጨረሻ መስመር ቀይሬ፣ «ለጥየቃ ቪዛ» የሚለውን «ለቀብርና ለንብረት ርክክብ» አድርጌ፣ አትሜ አዘጋጅቼዋለሁ። ከፊቷ አስቀመጥኩት።

ዐረብኛ ስለማታነብ ጣቷን ወረቀቱ ላይ ይዛ «የእሷ ስም የቱ ጋ ነው?» አለችኝ። አሳየኋት። ከቀኝ ወደ ግራ በጣቷ ተከተለችው።

«ጋሼ።»

«አቤት።»

«የመጀመሪያው ፎቶ ጭራሽ አይሆንም ነበር?»

ክሊፕ ከልጅቷ ጀርባ ቆማ ዐይኖቿን አፈጠጠችብኝ። ምን እያለችኝ እንደሆነ ገብቶኛል፤ አይሆንም ነበር በላት፣ ይቺን ውሸት ስጣት፣ ትረፍበት ነው የምትለኝ። እኔም አስቤዋለሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩት እሱን ነው። ግን አንዴ የሆስፒታሉን ደብዳቤ ዘልዬባታለሁ። ሁለተኛ መዝለል አልቻልኩም።

«ይሆን ነበር» አልኳት። «የማኅተሙ ታችኛው ግማሽ አይነበብም ብዬ ብጽፍ ይበቃ ነበር። ማድረግ እችል ነበር። አላደረግኩም። ሰኞ ብንሰጥ ረቡዕ ማታ ትሄጂ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ትምታኝ ብዬም ተመኝቼ ነበር። እሷ ግን ከወረቀቱ ቀና አላለችም።

«ማክሰኞ ዕለት "እጄ ዝሏል፣ ነገ ላንሳው፤ አሁን ዝም ብለን እናውራ" አለችኝ» አለች። «እኔ "እማ፣ ወረቀቱን ቀጥ አድርገሽ ያዢ፣ ሰውዬው አልተቀበለም" አልኳት። ረቡዕም ስለ መብራቱ ነው የተነጋገርነው። "ከመብራቱ ዘወር አድርጊው" አልኳት፤ "እሺ የኔ እናት" አለችኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስንናፈቅ ቆይተን፣ በመጨረሻ ሦስት ቀን የተነጋገርነው ስለ ወረቀት ብቻ ነው። አንድ ቀን እንኳን ያመምሻል ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም።»

ክሊፕ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ይቅርታ አልኩ፤ ይቅርታዋ ከአፌ ወጥታ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ቀረች፣ ያነሳትም የለም።

ልጅቷ ዐይኗን በሻርፑ ጠረገችና ወረቀቶቹን ወደ እኔ ገፋች። «ይፈርሙበት» አለች።

«ከላይ የተጻፈው ትክክለኛና ሙሉ ትርጉም መሆኑን አረጋግጣለሁ» ከሚለው ሥር ፈረምኩ። ፎቶውን ከትርጉሙ ጋር ሰፋሁት። ማኅተሜን ከቀለሙ ላይ አንስቼ ሁለቱ ወረቀቶች የሚገናኙበት ቦታ ላይ አስጠጋሁት።

«በደንብ ይምቱት፣ ጋሼ» አለችኝ። «እንዳይመልሱብኝ።»

መታሁት። ጎንበስ ብላ ማኅተሙ ሙሉ መሆኑን ዙሪያውን አየች፤ ወረቀቱን ከፋይሉ ውስጥ ከተተች፤ እግዜር ይስጥልኝ ሳትል ወጣች። ደግ አደረገች። ከሦስተኛው ፎቅ እስከ ታች ድረስ የእርምጃዋን ድምፅ ሰማሁት።